ከልደት ጀምሮ

የሲሬው ልብስ ሰፊ ሠርፀ ታላቅ እህቱ የሺወርቅ አንድ ነገር እንደሆነች ያወቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው። የሺወርቅ በሴቶቹ ወገን፣ ከዓምዱ አጠገብ ካልቆመች ያስቀደሰች የማይመስላት ሰው ነበረች። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ግን ጫማዋን ሳታወልቅ ውጪ ዛፍ ሥር እየቆመች ታስቀድሳለች። ምነው ሲሏት ሙቀቱ ነው አለች። ዝናቡ ሲጀምር ደግሞ ሰዉ ይበዛብኛል አለች።

ሠርፀ ወዲያው አልጠየቃትም። ሥራው ያስለመደው ጠባይ ነው። ልብስ ሲለካ አፉ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ይይዛል፤ መርፌ የያዘ አፍ ሰው አያቋርጥም፤ ስለዚህ ደንበኛው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ያወራለታል። የማን ልጅ ኮበለለ፣ የማን ላም ታመመች፣ ሁሉንም ይሰማል፣ አንዱንም አያወጣም። እህቱንም እንዲሁ ጠበቃት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቀሚሷን ጠርዝ ልታስጠብብ መጥታ፣ እሱ ተንበርክኮ ሲሰካ ከላይ ሆና ተረከዟ ላይ ኪንታሮት እንደወጣባት ነገረችው። ነቀምት ስትሄድ የሚቀባውን መድኃኒት ግዛልኝ አለችው።

ለምን ከሲሬ እንዳልገዛች ሊጠይቃት አላስፈለገውም። የሲሬው መድኃኒት ሻጭ የኦቦ ጋሩማ የወንድም ልጅ ነው። ኦቦ ጋሩማ ደግሞ የጉቴ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ነመራ የየሺወርቅን ልጅ ሲናን ሊያገባ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ተቆርጧል። በዚያ አገር የአንድን ቤት ሰው እግር ታመመ ማለት ቀላል ወሬ አይደለም። ሰው ወዲያው የሚያስበው ዝሆኔን ነው። እሱ ደግሞ ዘር ይከተላል እየተባለ ስንት ሴት ልጅ ቤቷ ቀርታለች። የሺወርቅ ለዚህ ስትል በቤቷም ውስጥ ካልሲ አታወልቅም ነበር።

ነቀምት ላይ ሠርፀ የገባበት መድኃኒት ቤት ከመናኸሪያው ብዙ አይርቅም። ባለሙያዋ ሊሊሴ ትባላለች፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ የያዘች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ወጣት ሴት ናት። ከፊቱ የነበሩትን አሮጊት በኦሮምኛ አስተናግዳ ሸኘችና ወደ እሱ ዞረች።

«የኪንታሮት መድኃኒት ፈልጌ ነበር፣ ዶክተር።»

«ዶክተር አይደለሁም፣ ኦቦ። ለእርስዎ ነው?»

«ለአንድ ሰው ነው።»

«ኪንታሮት መሆኑን ማን አለ?»

«ራሷ ሴትዮዋ።»

«ሐኪም ናት?»

«ሻይ ቤት ነው ያላት።»

ሊሊሴ ሳቋን ዋጥ አደረገችው። መድኃኒቱ ከጀርባዋ መደርደሪያ ላይ እንዳለ፣ እንደማትደብቀውም ነገረችው። ግን ቆዳ የሚልጥ አሲድ ነው። ኪንታሮት ባልሆነ ነገር ላይ ከተቀባ ላይኛውን አቃጥሎ ከሥር ያለውን ይሸፍናል፤ በኋላ ሐኪም ቢያየው እንኳ ምን እንደነበረ መለየት ይቸግረዋል። ስለዚህ ሳታይ አትሸጥም። ሴትዮዋ ትምጣ አለች። አትመጣም አላት። እንግዲያው በስልክ ፎቶ አንሱልኝ አለች። ሠርፀ አይሆንም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ እህቱ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል ብላ አስቀድማ ከልክላዋለች።

ሊሊሴ ትንሽ አሰበችና ጽፈው ያምጡልኝ አለችው። እንደ ሽምብራ፣ እንደ ባቄላ እያሉ ሳይሆን በሜትር የተለካ መጠኑን። መቼ እንደጀመረ። ቀለሙን፣ አንድ ዓይነት መሆኑንና አለመሆኑን። ያማል ወይስ አያምም። ከጀመረ ወዲህስ ምን ተለወጠ፤ አደገ፣ ደማ፣ ቆሰለ። በወረቀት በሽታ አይለይም አለች፤ ግን ሴትዮዋ ወደ ሐኪም ቶሎ ወይስ ቀስ ብሎ መላክ እንዳለባት ሊያሳያት ይችላል።

ሠርፀ ይህን አያያዝ ወደደው። ሰው መጥቶ ሰፋ ያለ ኮት ስፋልኝ ሲለው የሚናደደው በዚህ ነበር። ሰፋ ያለ ማለት ስንት ነው?

የሺወርቅ ተናደደች። አሲድ ግዛ ቢሉት ፈተና ተቀብሎ የመጣ ተማሪ አለችው። ቢሆንም በማግስቱ ሲና ሻይ ቤቱን ስትጠብቅ የጓዳውን በር ዘግታ እግሯን ታጠበችና በመስኮቱ ብርሃን ፊት ዘረጋችለት። ሠርፀ የእህቱን የእግር መዳፍ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ነበር። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እሱን ተሸክማ ያሳደገችው በዚህ እግር ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ።

እየለካ፣ እየጠየቀ፣ የመለሰችውን በቃሏ እየጻፈ ቆየ። መቼ ጀመረ ሲላት ለበዓሉ እግሯን ስትታጠብ እንዳየችው ነገረችው። ሠርፀ በዓሉን በስሙ ጻፈው። ዘመኑን ሁሉ የሚቆጥረው እንዲህ ነው፤ የሰው ልብስ እንኳ ለጥምቀት፣ ለደብረ ታቦር፣ ለመስቀል ይደርሳል እያለ ነው የሚቀበለው። ገና የሚለውን ስም ግን አይወደውም። ገና በመስክ የሚመታ ኳስ ነው፤ በዓሉ የጌታ ልደት ነው ይል ነበር። ወረቀቱን ሲጨርስ እንዲህ ይላል፦

«ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከሃምሳ አልፏል። እባጩ ያለው በግራ ተረከዟ፣ መሬት በሚነካው በኩል ነው። በሜትር ስለካው ርዝመቱ አሥራ አራት ሚሊሜትር፣ ስፋቱ ዘጠኝ ነው። ከቆዳው ከፍ ያለው የሸሚዝ ቁልፍ ውፍረት ያህል ነው። ክብ አይደለም፤ አንዱ ጠርዙ እንደ ተቀደደ ጨርቅ ወጣ ገባ ይላል። ከልደት ጀምሮ አለ። ያኔ ከተልባ ፍሬ አይበልጥም፣ ከቆዳዋም ከፍ አይልም ነበር። ቀለሙ አንድ አይደለም፤ መሐሉ እንደ ከሰል ጥቁር፣ ዳሩ ቡናማ፣ በጣቶቿ በኩል ወደ ሰማያዊ ያደላል። አያማትም፤ ጠጠር ስትረግጥ ብቻ ይሰማታል። አያሳክካትም። ሲነካ ጠንከር ይላል እንጂ አይሞቅም፣ መግልም የለውም። ለውጡን ስጠይቃት ቀስ እያለ አደገ ነው የምትለው። ደምቶ ያውቃል ወይ ብዬ ጠይቄአት የለም ብላለች።»

ሊሊሴ ወረቀቱን ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ ተቀምጣ ደገመችው። በሥራዋ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት እንዳልገጠማት ነገረችው፤ ሠርፀም እንደ ልጅ ደስ አለው። ቀጥላም ኪንታሮት እንዳልመሰላትና አሲዱን እንደማትሰጠው አስረዳችው። ቀለሙ መዘበራረቁን አልወደደችውም፤ ስለዚህ ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሠርፀ ጎንበስ ብሎ፣ ስሙን ለመጥራት እየከበደው፣ የእግር እብጠቱ በሽታ ይሆን እንዴ ብሎ ጠየቃት።

«ዝሆኔ? አይደለም፣ ኦቦ። እሱ እግሩን በሙሉ ነው የሚያሳብጠው፤ ከአፈር ነው የሚመጣው። ይሄ ሌላ ነገር ነው።»

«እና ጉዞው ያስቸኩላል?»

«አብሯት ስንት ዘመን የኖረ ነገር ነው። ዛሬ ነገ ብላችሁ አትጨነቁ። ጊዜ ስታገኝ ትምጣና ትታይ። እስከዚያ እንዳትነካካው።»

ሠርፀ ከመድኃኒት ቤቱ ሲወጣ እግሩ መሬት የነካ አልመሰለውም። ዝሆኔ አይደለም። ጊዜ ሲገኝ ማለት ደግሞ ሽማግሌዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ፣ ምናልባትም ከሠርጉ በኋላ ማለት ነው። የሺወርቅ ይህን ስትሰማ ምን እንደምትል እያሰበ ፈገግ አለ። እንደ ልማዱ ለእሷ ሙዝ ገዝቶ የሲሬ ሚኒባስ ውስጥ ገባና በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ረዳቱ በኦሮምኛም በአማርኛም ሲሬ ሲሬ እያለ ይጣራል፤ መኪናው ገና አልሞላም።

ሰው የተነገረውን ደስ የሚል ነገር ደጋግሞ ያጣጥማል። ሠርፀም የሊሊሴን ቃል መልሶ መላልሶ ሰማው። ዝሆኔ አይደለም። አትጨነቁ። አብሯት ስንት ዘመን የኖረ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ጆሮው ቆመ።

መጀመሪያ ለማጽናናት የተባለ መሰለው። ሰው እንዲህ ይላል፤ የሦስት ቀን ጉንፋንንም ስንት ዘመን አስቸገረኝ ይላል። ሊሊሴ ግን እንደዚያ አትናገርም። ስንት ሚሊሜትር እያለች የምትጠይቅ ልጅ ናት። ስንት ዘመን? ከታኅሣሥ መጨረሻ ወዲህ እንኳ አንድ ክረምት አልወጣም። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና እንደ ሌላ ሰው ሆኖ፣ የሱን ቤተ ክርስቲያን እንደማያውቅ፣ አማርኛን በትምህርት ቤት እንደተማረ ሰው ሆኖ አነበበው።

ከልደት ጀምሮ አለ።

ከተወለደች ጀምሮ አለ። ያኔ ከተልባ አይበልጥም ነበር። ቀስ እያለ አደገ። አዎን፣ የሕፃን ምልክት ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያድጋል። ልጅቷ ያነበበችው ሃምሳ ዓመት ያለውን ነገር ነው፤ እሱ የጻፈው ከገና ወዲህ የመጣውን ነው። የሸሚዝ ቁልፉን የሚያህለው ነገር በሃምሳ ዓመት ሳይሆን በአንድ በጋ ነው የወጣው።

ረዳቱ አንድ ሰው ቀረን እያለ ይጮሃል። ሠርፀ ወረቀቱን ይዞ ተቀመጠ። የተናገረው ሐሰት የለም። የጻፈው እውነት ነው፤ የተነገረውም መልካም ነው። ይህንኑ መልካም ዜና ይዞ ቢገባ እህቱ ትስቃለች፣ ሲና ትዳራለች፣ ጊዜ ሲገኝ ይታያል። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ምንም ላይሆን ይችላል። ይህን ሁሉ አሰበ፤ ያሰበውንም አፍሮበት አልተወውም፣ እስከ መጨረሻው አሰበው። ከዚያ ግን መልካሙ ዜና የሌላ ሰው እንደሆነ ታወቀው። ከእናቷ ማኅፀን ምልክት ይዛ የመጣች፣ በዓለም ላይ የሌለች አንዲት ሴት ናት የተነገራት። ለየሺወርቅ የተባለ ገና ምንም ነገር የለም።

«አቤቱ፣ እግሬን አንቀሳቅስልኝ» አለ በሆዱ፤ መንገዱን አሳየኝ እንዳይል መንገዱን ያውቀዋል። ተነሳና ወረደ። ረዳቱ፣ «አባት፣ ሊሞላ ሲል ነው እንዴ የሚወርዱት?» ብሎ አጉረመረመ።

ሊሊሴ ለምሳ ልትዘጋ ስትል በሩ ላይ ደረሰባት። ወረቀቱን ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ቃሉን አሳያት።

«ይቺ ልደት በዓሉ ናት፣ ዶክተር። ገና ማለቴ ነው።»

«ከገና?»

«ካለፈው ገና።»

ዶክተር አይደለሁም አላለችውም። መልሳ ከፈተችና ወደ ውስጥ አስገባችው፤ ወረቀቱን እንደገና፣ አሁን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ፊቷ ላይ የነበረው ለዛ ሄደ። እኔ ነበርኩ መጠየቅ የነበረብኝ አለች። እሱም አይ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ አለ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። ሊሊሴ ሴትዮዋን በስልክ ማግኘት ትችል እንደሆነ ጠየቀች።

የሺወርቅ ስልኩን ስታነሳ በስተጀርባዋ ብርጭቆ ይንኳኳል። ሠርፀ ነገሩን በአጭሩ ሲነግራት መጀመሪያ ተዘባበተችበት።

«ልብስ ስፋ ስትባል ትርጓሜ ትሰፋለህ? ገና ብትል ምን ይጎድልብሃል?»

«እትዬ፣ ልጅቷ ታነጋግርሽ።»

«እሷ ታውቀኛለች?»

«ስምሽን አልነገርኳትም።»

ብርጭቆ ስታስቀምጥ ተሰማ። ከዚያ ስጣት አለች። ሊሊሴ በአማርኛ ጀመረች፤ የሺወርቅ ግን በኦሮምኛ መለሰችላት። ሲሬ ተወልዳ ገበያ ውስጥ ያደገች ናት፤ ኦሮምኛዋ ከወንድሟ ይልቅ የሰላ ነው። በአማርኛ ለታናሽ ወንድሟ የምትነግረው አንድ ነው፣ በኦሮምኛ ለማታውቃት ሴት የምትነግረው ሌላ። ሠርፀ ይህ ገብቶት ወደ በሩ ራቅ ብሎ ቆመ። ቢሆንም ጆሮ አይዘጋም። ሊሊሴ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ከስልኩ የእህቱ ድምፅ ዝቅ ብሎ መጣ፤ በመሐሉ «ዺጋ» የሚለውን ሰማ። ደም ማለት ነው።

ሊሊሴ የሰማችውን በሴትዮዋ ፈቃድ ነገረችው። በምላጭ ስትልጠው ቆይታለች። ከዐቢይ ጾም ወዲህ ሳይነካም ይደማል። አንድ እሑድ በካልሲዋ አልፎ የቤተ ክርስቲያኑን ምንጣፍ ነክቶታል፤ ደም ይዤ ቤተ መቅደስ አልገባም ብላ ነው ውጪ የቀረችው። ሠርፀ ይህን ሲሰማ የዛፉ ሥር ታየው። ሙቀት፣ የሰው ብዛት፣ ሁሉም ምክንያት አንድ በአንድ ተነሣ፤ የቀረው አንዲት ሴት ለብቻዋ የቆመችበት ቦታ ነው።

የሺወርቅ አሁን ወደ አማርኛ ተመልሳለች፤ ሊሊሴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምንድን ነው?»

«ስሙን እኔ አልነግርዎትም፣ አዴ። ተቆርጦ ወጥቶ በላቦራቶሪ ሲታይ ነው የሚታወቀው። ክፉ ላይሆን ይችላል። ግን በዚህ ፍጥነት የሚያድግ፣ ቀለሙ የተደባለቀ፣ የሚደማ ጥቁር እባጭ በእግር መዳፍ ላይ ሲሆን ቆይ የሚባልለት ነገር አይደለም።»

«እንግዶች አሉብኝ። እነሱ እስኪሄዱ?»

«በዚህ ሳምንት ነው የምለው።»

«እግሬን ይቆርጡታል?»

«ትንሽ ሆኖ ሲደረስበት እባጩንና ዙሪያውን ነው የሚያወጡት። ስለ ሌላው የሚያውቅልዎት ያየዎት ሐኪም ነው። ከእንግዲህ ምላጭ አያስነኩት፤ አያስተኩሱት፣ ቅጠልም አይደረግበት። በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት።»

ሠርፀ እህቱ ስትተነፍስ ይሰማዋል። ከብርጭቆው ድምፅ ማዶ አንድ ሰው ሻይ አዘዘ፤ የሺወርቅ፣ «መጣሁ» አለችው። ቀጥላ፣ «ሠርፄ፣ ሙዝ ገዝተሃል?» አለች።

«ገዝቻለሁ።»

«እንግዲያው ና። ሐሙስ አብረን እንወጣለን።»

ሐሙስ ሄዱ። ሊሊሴ ከወረቀቱ ሥር በራሷ እጅ ሁለት መስመር ጨምራ ነበር፤ አንዱ ልደት የሚለውን በወር ያስተካከለ፣ ሌላው መድማቱን የጻፈ። የሆስፒታሉ ሐኪም አነበበው፤ ቢሆንም ሁሉንም ከራሷ ከየሺወርቅ እንደገና ጠየቀ። ተረከዟን አየ፣ ሌላውንም እግሯን፣ ከጉልበቷ በስተኋላና ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ይኖር እንደሆነ በጣቱ ዳሰሰ። የሚዳሰስ ነገር አላገኘም፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይደለም አላቸው። በሌላ ቀጠሮ ቦታውን አደንዝዞ እባጩን አወጣው፤ የወጣው በፈሳሽ ውስጥ ተደርጎ ለምርመራ ተላከ። ውጤቱ ሳምንታት ይፈጃል። ክፉ ሆኖ ከተገኘ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ ዳግመኛ መቁረጥ ይኖራል፣ ሌላም ምርመራ ይኖራል። ሐኪሙ የጨመረውም የቀነሰውም ነገር አልነበረም፤ ሠርፀ ለዚህ አመሰገነው።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ውጤቱ ሳይደርስ ነው። ሠርፀ ሌሊቱን ሲያስብ አድሮ፣ እህቱ ከጓዳ ሆና ብትቀበላቸው፣ ነጠላ እግሯ ላይ ጣል ብታደርግ ብሎ መክሯት ነበር። የሺወርቅ አልሰማችውም። ሳሎኑ መሐል ወንበሯን አስቀምጣ፣ ፋሻ የተጠቀለለ ግራ እግሯን ትራስ ባለበት በርጩማ ላይ ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ሲና በሩ ሥር ቆማ ጥፍሯን ትነክሳለች።

ኦቦ ጋሩማ ከሁሉ ፊት ገቡ። ረጅም፣ ትከሻቸው የጎበጠ ሰው ናቸው። ሰላምታው ተሰጥቶ ነጋያ ነጋያ ሲባባሉ ዓይናቸው ፋሻው ላይ አረፈ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የእሳቸውን ዓይን ተከተለ።

«አዴ የሺወርቅ፣ ምን አገኘሽ?»

«እባጭ ወጥቶብኝ አስቆረጥኩት። ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ክፉ ሊሆን ይችላል ብለውኛል። ዝሆኔ ግን አይደለም፤ ይሄን ጠይቄ ነው የመጣሁት። ልጃችሁ የሚያገባው ልጄን እንጂ ተረከዜን አይደለም፤ ግን ከደጅ ከምትሰሙት ከኔ ስሙት ብዬ ነው።»

ማንም አልሳቀም። ኦቦ ጋሩማ ፋሻውን እንደገና አዩት። ሠርፀ ከግድግዳው ተደግፎ አሁን ተመልሰው የሚወጡ መሰለው፤ እጁ ያለ ሥራው የኪሱን ጨርቅ ያጥፋል። ሽማግሌው ግን ወንበራቸውን አነሱና ከበሩ መንገድ ፈቀቅ አድርገው፣ ገቢ ወጪው እግሯን እንዳይመታባት በበርጩማውና በሰዉ መካከል አስቀመጡት። ከዚያ ተቀመጡ።

«መቼ ነው ውጤቱ?» አሉ።

«ይደውላሉ ተብሏል።»

«ሲደውሉ ለኛም ይደወልልን» አሉና ወደ ጓደኞቻቸው ዞረው የመጡበትን ጉዳይ ጀመሩ።